የሐዋላ ደረሰኝ ሲመረመር፦ ዋጋው፣ ልዩነቱና በእጅ የሚደርሰው ገንዘብ

(በነዋሪዎች ማኅበራችን የእሑድ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የማኅበሩ ኮሚቴ ስለ ምንዛሪ ደረሰኝ እንድናገር ሲጠይቀኝ ነገሩ የተነሣው ከአንድ ቤት መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የቤቱ እናት እንዳወራው ፈቅደውልኛል። ስም ግን አልጠራም። ቁጥሮቹንም ለሒሳብ እንዲቀሉ ብዬ ደፍኛቸዋለሁ።

ሴት ልጃቸው ሪያድ ውስጥ ትሠራለች። ክረምት ሳይገባ ጣራው እንዲታደስ 1500 ሪያል ላከች። ያን ቀን በስልክ «እማዬ፣ 60,000 ብር ይደርስሻል» ብላቸዋለች። እናት እግራቸውን ስለሚያማቸው ገንዘቡ በወንድማቸው ልጅ ስም ነበር የተላከው። ልጁ ሄዶ ተቀበለ፤ ይዞ የመጣው 57,600 ብር ነው። 2,400 ብር የለም። «ይኸው የሰጡኝ ይኼ ነው» አለ። ማን ይመነው? የጠጣበት ነው ተባለ፤ ልጁም ቀረ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከቤቱ አልደረሰም።

እኔ በባንክ የምንዛሪ መስኮት ለብዙ ዓመታት ስለሠራሁ እናት መጥተው አማከሩኝ። እኔም «ልጅቷ የላከችበትን ደረሰኝ ፎቶ አንሥታ ትላክልን» አልኳቸው። በማግሥቱ መጣ። ዛሬ የማሳያችሁ ያን ደረሰኝ እንዴት እንዳነበብነው ነው።

ሐዋላ የተላከበት ደረሰኝ ላይ ብዙ ጽሑፍ አለ፤ የሚያስፈልጉን ግን አራት ነገሮች ብቻ ናቸው። ላኪው የሰጠው ገንዘብ፣ የተቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ፣ «ኤክስቼንጅ ሬት» የሚለው የምንዛሪ ዋጋ፣ እና ተቀባዩ የሚያገኘው ብር። በልጅቷ ደረሰኝ ላይ የተሰጠው 1500 ሪያል ነው። ክፍያው ባዶ ነው፤ ዜሮ ተጽፎበታል። የምንዛሪው ዋጋ 38 ብር ከ40 ይላል፤ ማለትም አንድ ሪያል በ38 ብር ከ40 ሳንቲም ተመንዝሯል።

የመጀመሪያው ሒሳብ የሚመረምረው ሰውን ነው። ክፍያ የተቆረጠ ከሆነ ቀንሰን፣ የቀረውን ሪያል በደረሰኙ ዋጋ እናባዛለን። 1500 ሲባዛ በ38.40፣ 57,600 ብር። ልክ ልጁ ያመጣው! አንድ ሳንቲም እንኳ አልጎደለም። ባንክ የሰጠውንም የክፍያ ወረቀት አየነው፤ የሐዋላው ቁጥር አንድ ነው፤ የብሩም መጠን አንድ ነው። እዚህ ላይ ልጁም፣ እዚህ አገር ያለው ገንዘብ ከፋይም ነፃ ወጡ። ሁለቱ ወረቀቶች ባይመሳሰሉ ኖሮ ጥያቄው ወደ መስኮቱ ይሄድ ነበር። ብዜቱና የተጻፈው ብር ባይስማማ ደግሞ ያልተነገረ ቅናሽ አለ ማለት ስለሆነ ላኪዋ እዚያው ከላከችበት ቤት ትጠይቃለች።

ታዲያ 2,400 ብሩ የት ገባ? እዚህ ላይ ሁለተኛው ሒሳብ ይመጣል። ይኼኛው የሚመረምረው ዋጋውን ራሱን ነው።

የሳዑዲ ሪያል ከአሜሪካ ዶላር ጋር ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ ዋጋ የታሰረ ገንዘብ ነው። አንድ ዶላር 3 ሪያል ከ75 ነው፤ ዛሬም ነገም። የኤምሬትስ ድርሃምም እንዲሁ ታስሯል፤ አንድ ዶላር 3.67 ድርሃም ገደማ ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ማቅለያ ነው። ደረሰኙ ላይ ያለውን የሪያል ዋጋ በ3.75 ስናባዛው ዶላሩ በስንት እንደተመነዘረ ይነግረናል። 38.40 ሲባዛ በ3.75፣ 144 ብር። የልጅቷ ዶላር የተመነዘረው በ144 ብር ነው ማለት ነው። (ኩዌት ልጅ ያላችሁ ግን ይህን አትጠቀሙበት። ዲናሩ ከዶላር ጋር ብቻ የታሰረ አይደለም፤ የባንኩ ሰሌዳ ላይ የዲናሩን መስመር ራሱን ተመልከቱ።)

ያን ዕለት እኛ አካባቢ ያለው ባንክ ሰሌዳ ላይ የዶላር መግዣ 150 ብር ነበር። ልጅቷም በስልኳ ያየችው እሱን ነው። 1500 ሪያል 400 ዶላር ነው፤ 400 ዶላር በ150 ብር 60,000 ብር ይሆናል። ለእናቷ የነገረቻቸው ቁጥር ከዚህ የመጣ ነው፤ ልጅቷም አልዋሸችም። ነገር ግን የላከችበት ቤት በእያንዳንዱ ዶላር ላይ 6 ብር ለራሱ አስቀርቷል። ስድስት ብር በ400 ዶላር 2,400 ብር ነው። ከመቶ 4 ማለት ነው። ይኼ ነው ማርጂን የሚባለው። «ያለ ክፍያ እንልካለን» ብሎ የጻፈው ቤት ክፍያውን በዋጋው ውስጥ ከቶታል። ደረሰኙ ላይ ውሸት የለም፤ ዋጋው በግልጽ ተጽፏል፤ ግን ማነጻጸሪያ ከሌለህ ልታየው አትችልም።

አንዳንዶቻችሁ «ዋጋው እኮ አንድ ነው፤ መንግሥት ያወጣዋል» ስትሉ እሰማለሁ። ያ ቀርቷል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ዋጋ በየቀኑ ይለጥፋል። ስለዚህ ለማነጻጸር ገንዘቡ የተላከበትን ቀን ዋጋ መያዝ ያስፈልጋል። ዛሬ ሰሌዳ ላይ ያለውን አይታችሁ ከሦስት ሳምንት በፊት ከተላከ ጋር ብታነጻጽሩ የምታገኙት ልዩነት የማንም ጥፋት አይደለም። መንገድ ላይ ጆሮ ውስጥ የሚንሾካሾክ ዋጋም ማነጻጸሪያ አይሆንም፤ ሕገ ወጥ ነው፤ ደረሰኝም የለው።

ስልክ ላይ ወጥቶ የሚታየው ዋጋም ያሳስታል። ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው በመግዣና በመሸጫ መካከል ያለውን ነው። ባንኩ በ150 ገዝቶ በ153 የሚሸጥ ከሆነ ስልኩ 151 ከ50 ሊል ይችላል። በዚያ ዋጋ መስኮት ላይ የሚመነዝርልህ የለም። የባንኩን የራሱን ገጽ ብትከፍቱ ግን ሁለት ዓይነት መስመር ታገኛላችሁ። አንዱ ለጥሬ ገንዘብ፣ ሌላው በሒሳብና በሐዋላ ለሚመጣ ነው። ሐዋላን ከሐዋላው መግዣ፣ ጥሬውን ከጥሬው መግዣ ጋር አስተያዩ።

የመግዣና የመሸጫ ነገር ብዙ ጠብ ስላየሁበት አንድ ልጨምር። ባለፈው አንድ አባታችን እንግዳ የሰጣቸውን 300 ዶላር ጥሬ ገንዘብ መነዘሩ። 45,000 ብር ተቀበሉ። ቤት መጥተው በ153 አባዝተው 45,900 ሲያገኙ «ገንዘብ ከፋይዋ 900 ብር በላችኝ» ብለው ተመልሰው ሄዱ። እንዴ! 153 እኮ ባንኩ የሚሸጥበት ነው። እርስዎ ዶላር ይዘው ሲሄዱ ባንኩ ገዢ ነው፤ ስለዚህ ሁልጊዜ አነስተኛው ቁጥር ነው የእርስዎ። 300 በ150፣ 45,000። ልክ ነበር። ለጉዞ ወይም ለሕክምና ዶላር ለመግዛት ስትሄዱ ደግሞ ትልቁ ቁጥር ነው የሚመለከታችሁ። በጥሬ ገንዘብ ደረሰኝ ላይ ከሁሉ አስቀድማችሁ የገንዘቡን ዓይነት ተመልከቱ፤ ዩሮ አምጥታችሁ በዶላር መስመር ከተሠራ ብዜቱ ልክ ቢሆንም ገንዘባችሁ ጎድሏል። ይህንንም ከመስኮቱ ሳትርቁ ነው ማየት፤ ብሩ ቦርሳ ገብቶ ቤት ከደረሰ በኋላ ማስረዳት ከባድ ነው።

ወደ ልጅቷ ልመለስ። ሰምታ ስታበቃ «እንግዲህ ክፍያ የሌለው ቤት ውሸት ከሆነ የቱ ይሻላል?» አለችን። በሌላ ቤት ጠይቂ አልናት። ያኛው ቤት 20 ሪያል ያስከፍላል፤ በሳዑዲ በአገልግሎቱ ላይ ከመቶ 15 ተጨማሪ እሴት ታክስ ስላለ 3 ሪያል ይታከልበታል፤ 23 ሪያል። ዋጋው ግን 39 ብር ከ60 ነው። እስቲ በዚያው ቀን በዚያ ብትልክ ኖሮ ብለን አሰላነው። ከ1500 ሪያል 23 ሲቀነስ 1477 ይቀራል። 1477 ሲባዛ በ39.60፣ 58,489 ብር ከ20 ሳንቲም። ክፍያ አለኝ ያለው ቤት ክፍያ የለኝም ካለው 889 ብር ከ20 ሳንቲም የበለጠ ያደርሳል ማለት ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሆንም፤ ይህን ልብ በሉ። የላከችው 300 ሪያል ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ቤት 11,520 ብር ያደርሳል። ሁለተኛው 23ቱን ሪያል ቀንሶ በ277 ሪያል 10,969 ብር ከ20 ሳንቲም ብቻ ነው የሚያደርሰው። ክፍያው ቁርጥ ስለሆነ ትንሽ ገንዘብን ይጎዳል፤ የዋጋ ልዩነት ግን ከገንዘቡ ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ላኪው መጠየቅ ያለበት «ክፍያችሁ ስንት ነው?» ሳይሆን «ይህን ያህል ሪያል ብሰጣችሁ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል?» ብሎ ነው። መልሱን ከሁለት ቤት ወስዶ ማስተያየት ነው። በየወሩ ትንሽ ትንሽ የምትልክ ልጅ ደግሞ የሁለት ወሩን አንድ ላይ ብትልክ የምትቆጥበውን በዚሁ መንገድ ማስላት ትችላለች።

ልዩነት ያገኘ ሁሉ ተዘረፍኩ እንዳይል እለምናለሁ። ማንም በነፃ አይሠራም፤ ባንኩም በመግዣና በመሸጫ መካከል ያተርፋል። ከመቶ 1 ያህል ልዩነት በሰዓት መለያየት ብቻ ሊመጣ ይችላልና ለእሱ ብላችሁ አትድከሙ። 3 እና 4 ሲደርስ ግን ሌላ ቤት መጠየቅ ይገባል። አንዴ ተልኮ የተከፈለ ገንዘብ ላይ ግን ዋጋው ዝቅ ብሏል ተብሎ የሚመለስ የለም፤ ላኪው ፈርሞ የተቀበለው ዋጋ ነውና።

የዚያ ቤት ነገር እንዲህ አለቀ። እናት ልጁን ራሳቸው ሄደው ጠሩት፤ ደረሰኙንም አሳዩት። እሱም «እኔ እኮ ብያለሁ» ከማለት በቀር ብዙ አልተናገረም። ጣራውን የቀየረው እሱ ነው፤ ቆርቆሮው በ2,400 ብር ስላነሰ የጓዳው ክፍል ለመጪው ዓመት ቀርቷል።

ደረሰኝ ይዛችሁ ለማሳየት የምትፈልጉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ታገኙኛላችሁ። የተላከበትን ደረሰኝ ፎቶና እዚህ ገንዘቡን ስትቀበሉ የተሰጣችሁን ወረቀት ሁለቱንም አምጡ፤ ባንድ ወረቀት ብቻ ግማሹን ነው የማየው። የምሥጢር ቁጥራችሁን ግን ለእኔም ቢሆን እንዳታሳዩኝ፤ ለሒሳቡ አያስፈልግም።