ከፍቺው ጎን ያለችው ፊደል፦ የተማሪ መዝገበ ቃላት በፈተና ዝግጅት ወቅት



ለእንግሊዝኛ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ መዝገበ ቃላት ሲከፍት ዐይኑ በፍቺው ላይ ያርፋል፤ ፍቺውን እንዳገኘም መጽሐፉን ይዘጋል። ይህ ልማድ የት ላይ እንደሚያሳስት በአንድ ግሥ ላሳያችሁ እወዳለሁ። ግሡ «ዲስከስ» ነው።

ትርጉሙ መወያየት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። በአማርኛ «ስለ ዕቅዱ ተወያየን» ስለምንል፣ ተማሪው «ስለ»ን ተርጉሞ ከግሡ ቀጥሎ «አባውት»ን ይጨምራል። ስሕተቱን የሚያጠናክረው ደግሞ የእንግሊዝኛው ፍቺ ራሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ «ቶክ አባውት» በሚል ሐረግ ይጀምራልና። ነገር ግን በዚያ ሐረግ ያለው መስተዋድድ የ«ቶክ» እንጂ የ«ዲስከስ» አይደለም። ፍቺ የቃሉን ፍሬ ነገር ይነግረናል፤ አገባቡን ግን አይነግረንም።

አገባቡን የምትነግረን ከግሡ አጠገብ በቅንፍ የተቀመጠችው «ቲ» የተባለችው ፊደል ናት። ግሡ ተሻጋሪ ነው፣ ተሳቢውንም ያለ መስተዋድድ ይወስዳል ማለቷ ነው። ምሳሌ ዓረፍተ ነገሩም ይህንኑ ያረጋግጣል፦ «ዊ ዲስከስድ ዘ ፕላን»። ወደ ስሙ፣ ወደ «ዲስከሽን»፣ ስታልፉ ግን «አባውት» ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ግሡንና ስሙን ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

ይህን ችግር ቀደም ብለው ከተረዱት አንዱ በጃፓን እንግሊዝኛ ያስተምር የነበረው ሆርንቢ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር አዘጋጅቶ በ1942 እ.ኤ.አ. በቶኪዮ በታተመው መዝገበ ቃላት፣ ግሦች የሚገቡባቸውን የዓረፍተ ነገር ንድፎች ለይቶ አስቀመጠ። የዛሬዎቹ ምልክቶች የዚያ ሥራ ወራሾች ናቸው።

ምልክቷ ብቻዋን ግን አትበቃም። «ሰጀስት» የሚለው ግሥም «ቲ» አለው፤ ሆኖም «እንድሄድ ሐሳብ አቀረበልኝ» ለማለት «ሂ ሰጀስትድ ሚ ቱ ጎ» ማለት ስሕተት ነው። ከግሡ በኋላ «ዛት» የሚመራው ሐረግ ወይም በ«ኢንግ» የሚጨርስ ቃል እንደሚመጣ የምናየው በምሳሌዎቹ ነው።

እንግዲህ በምትዘጋጁበት ወቅት በደብተራችሁ «ዲስከስ፦ መወያየት» ብላችሁ አትጻፉ። ምልክቷንና አንድ አጭር ምሳሌ አብራችሁ ጻፉ። በማግስቱ ምሳሌውን ሸፍናችሁ ስለ ራሳችሁ ጉዳይ አዲስ ዓረፍተ ነገር ሥሩ፤ ከዚያ ገልጣችሁ አስተያዩ። ከግሡ በኋላ በምሳሌው የሌለ መስተዋድድ ከጨመራችሁ፣ ትርጉሙን እንጂ ቃሉን ገና አላወቃችሁትም። ምልክቶቹ ከመዝገበ ቃላት መዝገበ ቃላት ስለሚለያዩም፣ አስቀድማችሁ በመግቢያው ገጾች ያለውን መፍቻ አንብቡ።