የተለያየ ሬዞሉሽንና የፍሬም ፍጥነት ያላቸውን ክሊፖች በአንድ ታይምላይን ማዋሐድ፦ የአንድ የሠርግ ካሴት ጉዳይ



የዛሬው ገለጻዬ የሚነሣው ከአንድ የመመረቂያ ዘጋቢ ፊልም ነው። ፊልሙን የሠራችው ተማሪ በሕይወት ስለሌሉት አባቷ ትተርካለች። አባቷ በእንቅስቃሴ የሚታዩበት ብቸኛው ቅጂ በ1998 እ.ኤ.አ. በዋሽንግተን አካባቢ የተቀረጸ የሠርጋቸው ካሴት ነው። በዚያ ካሴት ላይ ሙሽራው ለሁለት ደቂቃ ያህል እስክስታ ይመታሉ። የመጀመሪያው ረቂቅ ለቤተሰቡ በታየበት ዕለት እናቷ ዝም ብለው ከተመለከቱ በኋላ፣ «እሱ መቼ እንዲህ ወፍራም ነበር? ትከሻውስ ለምን ይንገጫገጫል?» አሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክለኛ ነበሩ፤ ሁለቱም በካሴቱ ሳይሆን በቅንብሩ የተፈጠሩ ስሕተቶችን የሚጠቁሙ ነበሩ።

በተማሪዋ እጅ የነበረው ጥሬ ዕቃ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው የእናቷ ቃለ መጠይቅ ሲሆን በ3840×2160 ፒክስል፣ በሰከንድ 25 ፍሬም የተቀረጸ ነው፤ ከፊልሙ አብዛኛውን ይዟል። ሁለተኛው አክስቷ በስልክ የተቀረጹት አራት ደቂቃ ያህል የሚሆን ትዝታ ነው። ሦስተኛው ካሴቱ ነው፦ 720×480 ፒክስል፣ በሰከንድ 29.97 ፍሬም፣ የሰሜን አሜሪካው የኤንቲኤስሲ ሥርዓት። የሀገራችን ቴሌቪዥን ያደገው በፓል ሥርዓት፣ በሰከንድ 25 ፍሬም ስለሆነ፣ ከባሕር ማዶ የመጣ የቤተሰብ ካሴት ባለበት ፊልም ሁሉ ይህ ግጭት አይቀሬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው የታይምላይኑ የፍሬም ፍጥነት ነው። እኛ በምናስተምርበት በዳቪንቺ ሪዞልቭ፣ ክሊፖች ወደ ፕሮጀክቱ ከገቡ በኋላ Timeline frame rate የሚለው ቅንጅት ስለሚቆለፍ፣ ውሳኔው ከመጀመሪያው ክሊፕ በፊት መሆን አለበት። የእኔ መመዘኛ ቀላል ነው፦ ረጅሙና ከንፈርና ድምፅ የተጣመሩበት ዕቃ ሳይነካ እንዲያልፍ ይደረግ፤ ለውጡን ሌላው ይሸከም። በዚህ ፊልም ያ ዕቃ የእናትየው ቃለ መጠይቅ ስለሆነ ታይምላይኑ 25 ሆነ። ስፋቱ ደግሞ 1920×1080 ሆነ። ቃለ መጠይቁ ሲቀንስ ጥራቱ አይጎዳም፤ ካሴቱ ግን 4ኬ በሆነ ሸራ ላይ ቢለጠጥ የሚያተርፈው ብዥታ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ውፍረቱ እንምጣ። 720ን ለ480 ብናካፍል 1.5 እናገኛለን፤ የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ግን 4 ለ 3፣ ማለትም 1.33 ገደማ ነው። ልዩነቱ የመጣው የካሴቱ ፒክስል ካሬ ባለመሆኑ ነው፦ ቁመቱ ከወርዱ ይበልጣል። ሶፍትዌሩ ይህን ሳያውቅ እያንዳንዱን ፒክስል ካሬ አድርጎ ቢስለው ሰዎቹ በአሥረኛ ያህል ይሰፋሉ። ተማሪዋ ደግሞ ከዚህ አልፋ ሄዳለች። በጎንና ጎን ያለውን ጥቁር ለማጥፋት Stretch frame to all corners የሚለውን ምርጫ ስለወሰደች፣ ከትክክለኛው ቅርጽ ጋር ሲነጻጸር ሙሽራው በሲሶ ገደማ ሰፉ። እናትየው ያዩት ይህንን ነው።

እንዲህ ያለውን ስሕተት በዓይን ግምት ከመፍረድ ይልቅ፣ በምስሉ ውስጥ ክብ ነገር ፈልጋችሁ እንድትለኩ እመክራለሁ። በዚህ ካሴት ላይ ከጎን የተቀረጸ የሙሽሮች መኪና ጎማ ነበር። የጎማው ወርድ ከቁመቱ እኩል ካልሆነ ምስሉ ተለጥጧል። የሰው ፊት ለዚህ አያገለግልም፤ የማናውቀውን ሰው ወፍራም ነው ብለን አምነን እናልፋለንና።

ትክክለኛው መፍትሔ ምስሉ 1440×1080 ሆኖ እንዲቀመጥ ማድረግና በግራና በቀኝ 240 ፒክስል ጥቁር መተው ነው። ብዙ ተማሪዎች ይህን ጥቁር እንደ ጉድለት ይቆጥሩታል። ነገር ግን ማያውን ለመሙላት ምስሉን ብናሳድግ ከቁመቱ ሩቡን እንቆርጣለን፤ ከ480 መስመር የሚቀረን 360 ሲሆን እያንዳንዱ ሦስት እጥፍ ይለጠጣል። በሠርግ ቀረጻ ላይ ደግሞ መጀመሪያ የሚቆረጠው የሰው ራስ ነው።

መንገጫገጩ ከዚህ የረቀቀ ጉዳይ ነው። ሠላሳ ፍሬም ያለውን ሰከንድ በሃያ አምስት ለማሳየት ሶፍትዌሩ በራሱ ምርጫ Nearest በሚባለው ስልት ይሠራል፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ቅጽበት ቅርብ የሆነውን ፍሬም ወስዶ የቀረውን ይጥላል። ከየስድስቱ ፍሬም አንዱ ይወድቃል። እንቅስቃሴው አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ከዚያ በድንገት ሁለት ርምጃ ይሄዳል፤ ይህም በሰከንድ አምስት ጊዜ ይደጋገማል። ቁጭ ብሎ በሚናገር ሰው ላይ ማንም አያስተውለውም። እስክስታ ላይ ግን ትከሻው ራሱ በሰከንድ ብዙ ጊዜ ስለሚመታ፣ የፍሬሙ ዝላይ ከትከሻው ምት ጋር ይጋጫል፤ ተመልካቹም ጨፋሪው ምቱን የሳተ ይመስለዋል።

ተማሪዋ ይህን ለማከም Optical Flow ሞከረች። ይህ ስልት በሁለት ፍሬሞች መካከል የጎደለውን ምስል ከእንቅስቃሴው አስልቶ ይሠራል። ካሜራው በቀስታ በሚጓዝበት ሾት መልካም ውጤት ይሰጣል። እዚህ ግን እጆች በፊት ላይ ያልፋሉ፣ የነጠላ ጠርዝ ይወናጨፋል፣ ከኋላ አጨብጫቢዎች አሉ፤ ስሌቱ የማን ክንድ የት እንደሄደ መለየት አቃተው፤ የሙሽራው ጣቶች ከጥለቱ ጋር እንደ ሰም ቀልጠው ተዋሐዱ። Frame Blend ደግሞ ሁለት ፍሬሞችን ስለሚደራርብ ትከሻውን ጥላ አወጣበት። በግሌ የአንድ ሟች ብቸኛ ምስል ላይ ካሜራ ያላየውን ፍሬም መፈልሰፍ አልወድም፤ ሆኖም እዚህ ላይ ውሳኔውን የሰጠው የእኔ ስሜት ሳይሆን የቀለጡት ጣቶች ናቸው።

መፍትሔው የተገኘው ከካሴቱ ከራሱ ነው። የዚያ ዘመን ካሜራ አንድን ፍሬም በአንድ ቅጽበት አይቀርጽም። መጀመሪያ የአንዱን ወገን መስመሮች፣ ከሰከንድ ስድሳኛ በኋላ ደግሞ የቀሩትን ይቀርጻል፤ እነዚህን ግማሾች ፊልድ እንላቸዋለን። ስለዚህ 29.97 ፍሬም በተባለው ካሴት ውስጥ በሰከንድ 59.94 የተለያዩ የእንቅስቃሴ ቅጽበቶች አሉ። ተራው አሠራር ሁለቱን ፊልዶች ወደ አንድ ፍሬም ስለሚያጣምር ግማሹን እንቅስቃሴ ይጥላል። እያንዳንዱን ፊልድ ወደ ሙሉ ፍሬም ብንለውጠው ግን 25ን የምንመርጠው ከ60 ገደማ ይሆናል። ርምጃው ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት ይሆናል። አሁንም ፍጹም እኩል አይደለም፤ ነገር ግን ትልቁ ርምጃ ከትንሹ የሚበልጠው በእጥፍ ሳይሆን በግማሽ ነው። አንድ ፍሬም ከትክክለኛ ጊዜው የሚርቅበት ከፍተኛው መጠንም ከ17 ሚሊሰከንድ ወደ 8 ገደማ ይወርዳል።

ይህን በኤፍኤፍኤምፔግ በአንድ ትእዛዝ፣ ቅርጹንም አብሮ በማስተካከል፣ እንዲህ እንፈጽመዋለን፦

```
ffmpeg -i serg.avi \
 -vf "bwdif=mode=send_field,crop=704:480,scale=1440:1080,setsar=1" \
 -c:v prores_ks -profile:v 3 -c:a pcm_s16le serg_60.mov
```

send_field የሚለው ቃል ለእያንዳንዱ ፊልድ አንድ ፍሬም አውጣ ማለት ነው። crop ከየጎኑ 8 ፒክስል ይቆርጣል፤ 4 ለ 3 የሚሆነው መሐከለኛው 704 ነውና። ከዚያም ምስሉ ወደ 1440×1080 አድጎ በካሬ ፒክስል ይጻፋል። ውጤቱን ስታዩ ትከሻው ወደፊት ሄዶ ትንሽ ወደኋላ እየተመለሰ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የፊልዶቹ ቅደም ተከተል ተገልብጧል ማለት ነው። የዲቪ ካሴት የታችኛውን ፊልድ ያስቀድማል፤ ፋይሉ ይህን በትክክል ካልመዘገበ bwdif ውስጥ parity=bff ብላችሁ ጨምሩ።

በካሴቱ ላይ እንግዶች ሲገቡ የሚያሳይ፣ ድምፁ የማያስፈልግ ሾትም ነበር። ለእርሱ ሌላ መንገድ መረጥን፦ በመጀመሪያው ቅጂ Clip Attributes ውስጥ የፍሬም ፍጥነቱን 25 ብለን መዘገብን። ያን ጊዜ ምንም ፍሬም አይወድቅም፤ ሾቱ ግን በ83 በመቶ ፍጥነት በዝግታ ይሄዳል። ለሰልፈኛ እንግዳ ይህ ያምራል፤ ለእስክስታ ግን ከበሮውንና ትከሻውን ይለያያል።

የአክስትየውን ስልክ ባጭሩ ልናገር። እዚያ የታየው ችግር መንገጫገጭ ሳይሆን፣ መጀመሪያ ላይ ተጣጥመው የነበሩት ከንፈርና ድምፅ ወደ መጨረሻው እየተራራቁ መሄዳቸው ነው። ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ቢሆን ኖሮ ድምፁን ገፋ ማድረግ በበቃ፤ እያደገ ከሄደ ግን ምክንያቱ የፍሬም ፍጥነቱ ነው። ብዙ ስልኮች 30 ይበሉ እንጂ እንደ ብርሃኑና እንደ ስልኩ ጫና ፍጥነቱን ይለዋውጣሉ። ፋይሉን በMediaInfo ብትከፍቱት Frame rate mode በሚለው ትይዩ Variable ተብሎ ታገኙታላችሁ። መፍትሔው ከቅንብር በፊት ወደ ቋሚ ፍጥነት መለወጥ ነው፤ በ30 በኩል ሳንዞር በቀጥታ ወደ 25 መሄዱ ሁለት ጊዜ ፍሬም ከመጣል ያድናል፦

```
ffmpeg -i akist.mp4 -vf fps=25 -c:v prores_ks -profile:v 3 -c:a pcm_s16le akist_25.mov
```

ገና ያልቀረጸ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ ሊያመልጥ ይችላል፤ በአይፎን የካሜራ ቅንጅት ውስጥ Show PAL Formats ሲከፈት 25 ፍሬም ይመጣል።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ተማሪዎች «ይንገጫገጫል» ብለው ከሚያመጡልኝ ሾቶች ከፊሉ ምንም ጉድለት የለባቸውም፤ የደከመው ኮምፒዩተራቸው ነው። ለመለየት አሥር ሰከንድ ኤክስፖርት አድርጉና በቀስት ቁልፍ ፍሬም በፍሬም ተመልከቱ። ርምጃው እኩል ከሆነ ሾቱ ደኅና ነው። የሚደጋገም ወይም የሚዘል ፍሬም በቋሚ ልዩነት ከታየ፣ በስንት ፍሬም አንዴ እንደሚመጣ ቁጠሩ፤ በየአምስቱ አንዴ ዝላይ ካለ 30 በ25 ላይ ገብቷል።

የተስተካከለው ፊልም ለእናትየው በድጋሚ ታየ። ካሴቱ ላይ ቀራጩ ካሜራውን ከሙሽራው ወደ ከበሮ መቺው በፍጥነት የሚያዞርበት አንድ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ዝላዩ አሁንም ይታያል፤ እኛም እንዳለ ተውነው። እናትየው ስለዚያ ምንም አላሉም፤ የጠየቁት ጥቁሩ ጎንና ጎን ለምን እንደመጣ ብቻ ነው። አሁን መብራቱ ይቀነስልንና ሁለቱን ቅጂዎች ጎን ለጎን እናያለን፤ ከዚያ ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።