«ይቺማ እኔ አይደለሁም!»፦ የራሳችንን ፎቶ ለምን እንጠላለን?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ ከቀረበ ንግግር)



ዛሬ ስለ ቁጠባም ስለ ብድርም አናወራም። የምናወራው ስለ ፎቶ ነው። ነገሩ የተነሣው ከሐዘን ቤት ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናታችን በሞት ሲለዩን፣ ድንኳን ውስጥ የሚቀመጥ ፎቶ ተፈለገ። አልበም ወጣ፣ የልጆቹ ስልክ ሁሉ ታየ። በሠርጉም በክርስትናውም ፎቶ እሳቸው የጋገሩት ድፎ ዳቦ አለ፤ እሳቸው ግን የሉም። ካሜራ በወጣ ቁጥር «እኔን ተዉኝ፣ ፎቶ ላይ አላምርም» እያሉ ወደ ጓዳ ይገቡ ነበር። በመጨረሻ የመታወቂያቸው ፎቶ በትልቁ ታትሞ ተቀመጠ። ፊታቸው ደብዝዟል፤ የማኅተሙም ጠርዝ ትከሻቸው ላይ ይታያል።

ይህ ከሆነ ብዙም ሳይቆይ ለባዛር ዝግጅት የአባላትን ፎቶ አነሣን። በርበሬና ሽሮ ከሚያዘጋጁት፣ ጥልፍ ከሚሠሩት አባሎቻችን ፎቶ ጋር ዕቃቸው እንዲቀመጥ ብለን ነበር። ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ስንዘረጋ ያየነው ነገር አስገረመን። አንዷ የሌላዋን ፎቶ አንሥታ «እንዴት አምሮብሻል!» ትላለች። ባለቤቷ ግን «ይቺማ እኔ አይደለሁም፣ አንሡልኝ» ትላለች። ከዚያ ደግሞ ይህችው ሴት ዞር ብላ የጓደኛዋን ፎቶ ታደንቃለች። ፎቶው መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም በጠላነው ነበር። ስለዚህ ምክንያቱ ፎቶው ሳይሆን የምታየው ዓይን ሊሆን ይችላል ብለን ጠየቅን፤ መልስም አገኘን።

መልሱ የሚጀምረው ከመስታወት ነው። ፊታችንን በቀጥታ አይተነው አናውቅም። የምናውቀው በመስታወት ነው፤ መስታወት ደግሞ ግራና ቀኙን ለውጦ ያሳየናል። ቀኝ እጃችንን ስናነሣ፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት እጇን የምታነሣው በእኛ ቀኝ በኩል ነው። ፊት ለፊታችን የቆመ ሰው ቀኝ እጁን ቢያነሣ ግን የምናየው በግራችን በኩል ነው። ፎቶ የሚያሳየን ልክ ሰው እንደሚያየን አድርጎ ነው።

የሰው ፊት ግራና ቀኙ ፍጹም እኩል ቢሆን ኖሮ ይህ ምንም ለውጥ ባላመጣ ነበር። ግን እኩል የሆነ ፊት የለም። የአንዷ ቅንድብ በአንድ በኩል ከፍ ይላል፤ የሌላዋ አፍንጫ ትንሽ ዘመም ይላል፤ የብዙዎቻችን ፈገግታ ወደ አንድ ጎን ያደላል። ለምሳሌ የአገጫችን ጫፍ ከመሐል 2 ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ ያደላ ነው እንበል። በመስታወት ሁልጊዜ በቀኛችን በኩል አይተነዋል፤ ዓይናችንም ያንን «ቀጥ ያለ» ብሎ ተቀብሎታል። በፎቶ ላይ ግን ያው 2 ሚሊ ሜትር ወደ ግራችን ዞሮ ይመጣል። ስለዚህ ከለመድነው ቦታ የራቀው በ2 ሳይሆን በ4 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሿ መዝመም እጥፍ ሆና የምትታየን ለዚህ ነው። ሌላው ሰው ግን ድሮም የሚያየን እንደዚያው ስለሆነ ምንም አይታየውም።

ይህን ነገር ሚታ፣ ደርመርና ናይት የተባሉ ሦስት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተሙት ጥናት ፈትነውታል። ሴት ተማሪዎችን ፎቶ አነሡና እያንዳንዱን ፎቶ በሁለት መልክ አሳተሙት፤ አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን ግራና ቀኙን ለውጠው። ከዚያም ተማሪዋንና የቅርብ ጓደኛዋን «የትኛውን ትወጃለሽ?» ብለው ለየብቻ ጠየቁ። ባለፎቶዎቹ በአብዛኛው የተገለበጠውን፣ ማለትም የመስታወቱን መረጡ። ጓደኞቻቸው ደግሞ በአብዛኛው ትክክለኛውን። ከፍቅር ጓደኞቻቸው ጋር ሲሞከርም ውጤቱ ወደዚያው አደላ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ1968 ሮበርት ዛዮንስ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር፣ ሌላ ምክንያት ባይኖረው እንኳ፣ ይበልጥ እንደሚወድ አሳይቶ ነበር። የፎቶው ጉዳይ የዚሁ ቅርንጫፍ ነው። እኛ የለመድነው አንዱን ፊት ነው፤ ወዳጆቻችን የለመዱት ሌላውን።

እኛም በቤታችን ሞከርነው። ልጇ ቤሩት የምትሠራ አንዲት እህታችን አለች። ልጇ «እማዬ፣ የአሁን ፎቶሽን ላኪልኝ» እያለች ስትለምን እሷ እንቢ ብላ ቆይታለች። ቀኝ ቅንድቧ ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ ስትስቅም አፏ በዚያው በኩል ይነሣል። ሁለት ሜትር ርቀን፣ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን አነሣናት። አንዱን እንዳለ፣ አንዱን በስልኩ ገልብጠን ፎቶ ቤት አሳተምንና በጀርባቸው «ሀ» እና «ለ» ብለን ጻፍን። ፊቷ ብቻ እንዲታይ ቆረጥነው፤ ምክንያቱም የነጠላው አጣጣል ወይም ልብስ ላይ ያለ ጽሑፍ የትኛው እንደተገለበጠ ያሳብቃል።

እሷ ያለ ማመንታት የተገለበጠውን አነሣች። ከሃያ ዓመት በላይ ቡና አብራት የምትጠጣው ጎረቤቷ ደግሞ ሌላውን። ለምን እንደመረጡ ስንጠይቃቸው ሁለቱም የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነበር፤ «በዚህኛው ፊቷ ቀና ብሏል» አሉ። ሁለቱም የመረጡት የለመዱትን ነው።

እስቲ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እህታችን «ይቺማ እኔ አይደለሁም» ያለችው ፊት፣ ልጇ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቀና ብላ ያየችው ፊት ነው። ቤሩት ሆና የናፈቃት ያ ነው። የመስታወቱን ፊት ከእህታችን በቀር የሚያውቀው የለም ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሁሉንም በመስታወት ላይ አንጣል። ፎቶን የሚያስጠሉ ሌሎች ምክንያቶችም አሉ፤ ለይቶ ማወቅም ይቻላል። የመጀመሪያው ፈተና ፎቶውን በስልኩ ማረሚያ ግራና ቀኙን መገልበጥ ነው። ተገልብጦ ሲታይ ደስ ካለን፣ ያስጠላን የመስታወት ልማድ ነው። ተገልብጦም ካስጠላን ወደ ርቀቱ እንሂድ።

ስልኩን በእጃችን ይዘን ራሳችንን ስናነሣ ፊታችን ላይ በጣም ይቀርባል። ለካሜራው ይበልጥ የቀረበው አፍንጫችን ስለሆነ እሱ ይገዝፋል፤ ጆሯችንና ጉንጫችን ወደ ኋላ ይሸሻሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የአሜሪካ ሐኪሞች ስሌት እንዳሳየው፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተነሣ ፎቶ ላይ አፍንጫ ከ1.5 ሜትር ላይ ከተነሣው በ30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ ይታያል። ስለዚህ «አፍንጫዬ እንዲህ ነው እንዴ?» የምትል እህት መልሱ «አይደለም» ነው። ሌላ ሰው ሁለት ሜትር ያህል ርቆ ያንሣት፤ ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለች።

ርቀቱም ደህና ሆኖ ፎቶው ካልጣመን፣ ምናልባት የተያዘችው ቅጽበት ናት። መስታወት ፊት ስንቆም ሳናስበው አገጫችንን እናስተካክላለን፣ የሚያምርብንን ጎን እናዞራለን። ካሜራ ግን ቃል ሲወጣ አፍ እንደተጣመመ፣ ዓይንም በግማሽ እንደተከደነ ይይዘናል። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ሳይሆን አሥር ጊዜ ማንሣት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለን። የመስታወት ልማድ የሚያሳየን ከድሮ ጀምሮ የነበረንን መዝመም ነው። በመስታወትም በፎቶም፣ በሰው ዓይንም ጭምር ፊታችን በአንድ ጎን በድንገት ወርዶ ከታየ፣ ያ የፎቶ ጉዳይ አይደለም፤ ሳንውል ሳናድር ወደ ሐኪም የሚያስኬድ ነው።

ታዲያ ከአሥሩ ፎቶ ማን ይምረጥ? እዚህ ላይ ልንሳሳት እንችላለን። በአውስትራሊያ ዴቪድ ዋይትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ከራሳቸው ፎቶዎች መካከል እንዲመርጡ ተደረገ፤ የማያውቋቸው ሰዎችም ከእነዚያው ፎቶዎች መረጡ። ከዚያ ለሌሎች ተመልካቾች ሲታዩ፣ ይበልጥ ጥሩ ስሜት ያሳደሩት የማያውቋቸው ሰዎች የመረጧቸው ፎቶዎች ሆኑ። ስለ ራሳችን ፎቶ እኛ ጥሩ ዳኞች አይደለንም ማለት ነው።

ስለዚህ የሚቀጥለው ባዛር ፎቶ በዚህ መንገድ እንዲነሣ ወስነናል። እያንዳንዷ አባል ከሁለት ሜትር ርቀት አሥር ጊዜ ትነሣለች። የሚጠረጴዛውን ፎቶ የምትመርጠው ባለፎቶዋ ሳትሆን ሌላ አባል ናት። ባለፎቶዋ ግን «አይሆንም» የማለት መብቷ የተጠበቀ ነው፤ ፊቱ የእሷ ነውና። እንቢ ከማለቷ በፊት የምንለምናት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎቶውን አንድ ጊዜ ገልብጣ ትየው።

ራሱን ለሚጠራጠር ዓይን አንድ ሌላ መንገድ አለ። ክፈፍ የሌላቸውን ሁለት መስታወቶች እንደ ግድግዳ ማዕዘን ቀጥ አድርጋችሁ አጋጥሙና መጋጠሚያቸውን ፊት ለፊት ተመልከቱ። እዚያ የምትታየው ሴት ያልተገለበጠች ናት፤ ሰው የሚያያት እሷን ነው። ጸጉራችሁን ለማስተካከል ብትሞክሩ እጃችሁ ወደ ተሳሳተው ጎን ይሄዳል፤ መጀመሪያ ላይ ትስቃላችሁ፣ ፊቷም እንግዳ ይሆንባችኋል። ደጋግማችሁ ስታዩዋት ግን ትለመዳለች።

እህታችን ያልተገለበጠውን ፎቶ ለልጇ ልካለች። አሁንም ቢሆን እንደማትወደው ትናገራለች። «ግን ለእኔ አይደለማ የላክሁት» ትላለች።