ቀድሞ የሚጠፋው፣ መጨረሻ የሚጻፈው፦ የአንድ ቡትሎደር ጉዞ ከአርባ ምንጭ እስከ ጨንቻ



ከአርባ ምንጭ ወደ ሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ወጥተን ጨንቻ ስንደርስ ከ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥተን ወደ 2,700 ሜትር እንጠጋለን። በዚያ ደጋ የሚጥለው ዝናብ በኩልፎ ወንዝ በኩል ወደ ከተማችን ይወርዳል። ተማሪዎቻችን ጨንቻ ላይ የዝናብ መለኪያ የተከሉት በዚህ ምክንያት ነው። መለኪያው በየ0.2 ሚሊ ሜትር ዝናብ የምትገለበጥ ትንሽ ባልዲ፣ ግልበጣውን የሚቆጥር ማይክሮኮንትሮለር፣ የፀሐይ ኃይል የሚሞላው ባትሪና ዝናብ የማያስገባ የታሸገ ሣጥን አለው። ከሣጥኑ ሥር የኃይል ማብሪያና የሲሪያል ገመድ መሰኪያ ወጥተዋል። ዛሬ የምናገረው በዚያ መሰኪያ በኩል አዲስ ፈርምዌር ሲገባ በውስጥ ስለሚሆነው ነገር ነው። ሁለት ጊዜ ተሳስተናል፤ የማስተምረውም በአብዛኛው ከሁለቱ ስሕተቶች ነው።

የተጠቀምንበት ቺፕ ኤስቲኤም32 ኤፍ103 ይባላል። 64 ኪሎባይት ፍላሽና 20 ኪሎባይት ራም አለው። ፍላሹ በፕሮግራሙ ዓይን የሚጀምረው ከአድራሻ `0x08000000` ሲሆን 1 ኪሎባይት ስፋት ባላቸው ገጾች ተከፋፍሏል። ቡትሎደራችን የመጀመሪያዎቹን 8 ገጾች ይዟል፤ ዝናቡን የሚቆጥረው ዋና ፕሮግራም ከ`0x08002000` ይጀምራል። ቺፑ በበራ ቁጥር መጀመሪያ የሚሠራው ቡትሎደሩ ነው። ሁለት ሰከንድ ያህል በሲሪያል መስመሩ ላይ ጥሪ መኖሩን ያዳምጣል፤ ጥሪ ካለ አዲስ ፕሮግራም ይቀበላል፣ ከሌለ ወደ ዋናው ፕሮግራም ይዘልላል።

«አምራቹ በቺፑ ውስጥ ያስቀመጠው ቡትሎደር አለ አይደል? ለምን ሌላ ትጽፋላችሁ?» የሚል ጥያቄ ዘወትር ይቀርብልኛል። አዎን፣ አለ፤ በሲሪያልም ይሠራል። ነገር ግን እርሱን ለማስነሣት `BOOT0` የተባለውን እግር ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ማዞር ያስፈልጋል። ያ ማለት ጨንቻ ላይ፣ በጉም መካከል፣ ሣጥኑን መፍታት ማለት ነው። የተፈታ ሣጥን ደግሞ እንደ ቀድሞው ሆኖ አይታሸግም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ስሕተት ልለፍ። የፍላሽ ጠባይ እንዲህ ነው፦ በጠፋ ገጽ ላይ ያለው ቢት ሁሉ 1 ሆኖ ይነበባል። መጻፍ 1ን ወደ 0 ያወርዳል፤ 0ን ወደ 1 ለመመለስ ግን ገጹን በሙሉ ማጥፋት ያሻል። በዚህ ቺፕ ሁለት ባይት ለመጻፍ 50 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይበቃል፤ አንድ ገጽ ለማጥፋት ግን ከ20 እስከ 40 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። ፍላሹ በማጥፋት ላይ ሳለ ማንም ሊያነብበው አይችልም። የቡትሎደሩ መመሪያዎች የሚነበቡት ደግሞ ከዚያው ፍላሽ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። ኢንተራፕት ቢመጣም አገልጋዩ ፍላሽ ውስጥ ነውና አይነሣም።

ሲሪያሉ በሴኮንድ በ115,200 ቢት ሲሄድ አንድ ባይት በየ87 ማይክሮ ሰከንድ ይደርሳል። የመጀመሪያው ቡትሎደራችን ከላፕቶፑ የሚፈስሰውን ያለ ዕረፍት ይቀበልና ሁለት ሁለቱን ባይት ወዲያው ይጽፍ ነበር። ሁለት ባይት እስኪመጣ 174 ማይክሮ ሰከንድ አለ፣ መጻፉ 50 ይፈጃል፤ ስለዚህ ስሌቱ ጤናማ ይመስላል። በቤተ ሙከራም ምንም እንከን አልነበረውም። ጨንቻ ላይ ግን ገና ከጅምሩ ተበላሸ።

ልዩነቱን ያገኘችው አንዲት የአራተኛ ዓመት ተማሪ ናት። «መምህር፣ እዚህ እኮ ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት ቺፑን በፕሮግራመሩ ሙሉ በሙሉ እናጠፋዋለን» አለችኝ። በእርግጥም ቡትሎደሩ ገጹ ባዶ ሆኖ ካገኘው ማጥፋቱን ይዘልለው ነበር። እኛ ሁልጊዜ የፈተንነው ባዶ ቺፕ ነበር። ጨንቻ ላይ ያለው ግን አሮጌ ፕሮግራም ሞልቶበታል፤ እያንዳንዱ ገጽ መጥፋት ነበረበት። በ20 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ 230 ባይት ያህል ይደርሳል፤ የዚህ ቺፕ ሲሪያል ተቀባይ ደግሞ ካልተነበበ ከአንድ ባይት በላይ አያቆይም። የቀረው ሁሉ ይጠፋል። ይህን በሁለት ምልክት ማወቅ ይቻላል፤ ጉድለቱ ሁልጊዜ ከገጽ መጀመሪያ ላይ ይነሣል፣ በሲሪያሉ የሁኔታ መዝገብ ላይም `ORE` የተባለው ቢት 1 ሆኖ ይገኛል።

ፍጥነቱን ወደ 9,600 ማውረድ አያድንም። በ20 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ያን ጊዜም ወደ 20 ባይት ይመጣል። መድኃኒቱ ላኪው እንዲጠብቅ ማድረግ ነው። ዋርድ ክርስቴንሰን በ1977 እ.ኤ.አ. የጻፈው ኤክስሞደም ይህንኑ ያደርጋል፦ 128 ባይት ከተራ ቁጥርና ከማረጋገጫ ድምር ጋር ይላካል፤ ተቀባዩ «ደርሷል» እስኪል ድረስ ቀጣዩ አይላክም። ቡትሎደራችን አሁን ጥቅሉን በራም ተቀብሎ፣ ድምሩን አረጋግጦ፣ እንደ አስፈላጊነቱ ገጹን አጥፍቶ፣ ጽፎና የጻፈውን መልሶ አንብቦ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ይመልሳል። መልሱ በመንገድ ከጠፋ ላኪው ያንኑ ጥቅል ይደግማል፤ ስለዚህ የተራ ቁጥሩ ቀድሞ የታየ ከሆነ ሳይጽፉ «ደርሷል» ማለት ይገባል። የተጻፈ ቦታ ሳይጠፋ ዳግም ሲጻፍበት ቺፑ ስሕተት ያመለክታልና። ፕሮግራማችን 24 ኪሎባይት ነው፤ 192 ጥቅል ይሆናል፤ ሥራው ሁሉ ከዐሥር ሰከንድ በታች ያልቃል።

ዐሥር ሰከንድ አጭር ይመስላል። በክረምት ፀሐይ ለሳምንት ሳትታይ በደከመ ባትሪ ላይ ግን ኃይል ለመቋረጥ በቂ ነው፤ ይህም ደርሶብናል። ጥያቄው «ኃይል ቢቋረጥስ?» ሳይሆን «በየትኛውም ቅጽበት ቢቋረጥ ቡትሎደሩ ሲነሣ ምን ያያል?» የሚል ነው። የቡትሎደሩን ገጾች ራሳቸውን በቺፑ የመጻፍ መከላከያ ቆልፈናቸዋል፤ ስለዚህ እርሱ ሁልጊዜ ይነሣል። የሚያሠጋው ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ የሆነ ፕሮግራም ሙሉ መስሎት እንዳይዘልልበት ነው።

የዋናው ፕሮግራም የመጀመሪያ ገጽ የቬክተር ሰንጠረዡን ይዟል። የሰንጠረዡ የመጀመሪያ አራት ባይት የስታክ መነሻ አድራሻ ነው፤ በእኛ ፕሮግራም `0x20005000`፣ ማለትም የራሙ ጫፍ። ሁለተኛው አራት ባይት ፕሮግራሙ የሚጀምርበት አድራሻ ነው። እኛ ይህን የመጀመሪያ ገጽ ከሁሉ አስቀድመን እናጠፋለን፤ የአዲሱን ፕሮግራም የመጀመሪያ ገጽ በራም ይዘን እናቆይና ከሁሉ በኋላ እንጽፋለን። ሲጻፍም ከገጹ መጨረሻ ወደ ኋላ ነው፤ የስታኩ አድራሻ ታችኛ ግማሽ የመጨረሻዎቹ ሁለት ባይት ይሆናሉ። ከእነርሱ በፊት ኃይል ቢቋረጥ ቡትሎደሩ የሚያነብበው `0x2000FFFF` ነው፤ ይህ የራም አድራሻ ስላልሆነ አይዘልልም፣ ጥሪ ይጠብቃል።

ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ማጥፋቱ ራሱ በመካከል ቢቋረጥ ገጹ ያልጠፋም ያልቀረም ይሆናል፤ ዛሬ 0 ሆኖ የተነበበ ቢት ነገ 1 ሊነበብ ይችላል። ስለሆነም የፕሮግራሙን ርዝመትና ማረጋገጫ ድምር እዚያው ገጽ ላይ አስቀምጠን በየመነሻው 24ቱን ኪሎባይት እንደምራለን።

ሁለተኛው ስሕተት ዝላዩ ላይ ነበር። ፕሮግራሙ በትክክል ገብቷል፣ ድምሩም ገጥሟል፤ ከዝላዩ በኋላ መብራቱ አንድ ጊዜ በርቶ ቀረ። መቁጠሪያው አልቆጠረም፤ ጊዜው ራሱ የቆመ ይመስል ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ኢንተራፕትን ጠርጥሩ። ተራ መመሪያዎች ይሠራሉ፤ የመጀመሪያው ኢንተራፕት ሲመጣ ግን ፕሮሰሰሩ አገልጋዩን የሚፈልገው በ`SCB->VTOR` በተመለከተው ሰንጠረዥ ነው። ያ መዝገብ የቡትሎደሩን ሰንጠረዥ ካመለከተ ዋናው ፕሮግራም እየሠራ የቡትሎደሩ አገልጋይ ይነሣል።

ዝላያችን አሁን ይህን ይመስላል፦

```c
static uint32_t sp, pc;
sp = *(uint32_t *)0x08002000;
pc = *(uint32_t *)0x08002004;
__disable_irq();
SysTick->CTRL = 0;
SCB->ICSR = SCB_ICSR_PENDSTCLR_Msk;
NVIC->ICER[0] = NVIC->ICER[1] = 0xFFFFFFFF;
NVIC->ICPR[0] = NVIC->ICPR[1] = 0xFFFFFFFF;
SCB->VTOR = 0x08002000;
__set_MSP(sp);
__enable_irq();
((void (*)(void))pc)();
```

ቡትሎደሩ የከፈተውን ሁሉ ይዘጋል፤ የሰዓት ቆጣሪውን ያቆማል፣ በመጠባበቅ ላይ ያሉትን ኢንተራፕቶች ይሰርዛል። `__enable_irq()` መረሳት የለበትም። አንድ ፕሮግራም ከዜሮ ሲነሣ ኢንተራፕት ክፍት ሆኖ ያገኛልና ራሱ ሊከፍተው አያስብም። ሁለቱ ተለዋዋጮች `static` የሆኑት ደግሞ ስታኩ ከእግራቸው ሥር ስለሚቀየር ነው።

እኛ ግን `VTOR`ን ከመጀመሪያውም በትክክል አስተካክለን ነበር። ለሦስት ቀን ያደከመን ይህ ነው። በመጨረሻ ከዝላዩ በኋላ በዲበገር አቁመን መዝገቡን ስናነብ `0x08000000` ሆኖ አገኘነው። መልሶ ያበላሸው ዋናው ፕሮግራም ራሱ ነበር፤ ከ`main` በፊት የሚጠራው `SystemInit` በያዝነው የላይብረሪ ቅጂ `VTOR`ን ከፍላሹ መነሻ ላይ በ`VECT_TAB_OFFSET` መጠን አርቆ ይጽፈዋል፣ ያ ቁጥር ደግሞ ዜሮ እንደ ሆነ ቀርቶ ነበር። `0x2000` ስናደርገው ባልዲዋ መቁጠር ጀመረች። አድራሻው በሁለት ቦታ፣ በሊንከሩ ፋይልና በዚህ ቁጥር፣ መስማማት አለበት፤ የሊንከሩን ብቻ የቀየረ ሰው እኛ ያየነውን ያያል።

አንድ ድክመት ቀርቶብናል። ዝመናው ከተቋረጠ ጣቢያው አይሞትም፤ ነገር ግን ሰው ገመድ ይዞ እስኪመለስ ዝናቡን አይቆጥርም። አሮጌውን ፕሮግራም ሳያጠፉ አዲሱን በሌላ ቦታ መቀበል ይቻላል፤ የቀረውን 56 ኪሎባይት ለሁለት ብንከፍለው ለእያንዳንዱ 28 ይደርሳል፣ እኛ 24 ላይ ነን። ነገር ግን ፕሮግራሙ የተዘጋጀው ለአንድ አድራሻ ስለሆነ ወይ ለሁለቱም ቦታ ለየብቻ ማዘጋጀት፣ ወይ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ቦታው መቅዳት ያስፈልጋል። ቅጂው ቢቋረጥ ምንጩ አለና ቡትሎደሩ ሲነሣ እንደገና ይቀዳል። እኔ ወደ መቅዳቱ አዘነብላለሁ፤ የዘንድሮ ተማሪዎቼ ግን ለመለኪያው የሙቀት መጠን ማንበቢያ ሊጨምሩ ስለሆነ ፕሮግራሙ በ28 ውስጥ ይቀር እንደ ሆነ ገና እየለካን ነው። ጥያቄ ያላችሁ ብትጠይቁ ደስ ይለኛል።