ማሽኑ ያላየውን ሲጽፍ፦ የድሮ መዝገባችንን ስንገለብጥ ያገኘነው

(በአባላት ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የድሮውን የቁጠባ መዝገብ ወደ ኮምፒውተር እንድናስገባ ለሂሳብ ኮሚቴው አደራ ሰጥታችሁን ነበር። እንደምታውቁት መዝገቡ በእጅ የተጻፈ ነው። አንዳንዱን ገጽ ውኃ ነክቶታል፣ ቀለሙም ደብዝዟል። ሁሉንም በእጅ መተየብ ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅ ገጾቹን በስልክ ፎቶ እያነሳን፣ ፎቶ አይቶ ጽሑፉን ለሚያወጣ ፕሮግራም ሰጠነው። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ቪዥን ላንጉጅ ሞዴል ይባላል፤ ምስልንም ቋንቋንም አንድ ላይ የሚሠራ ማለት ነው። ለዛሬ በአጭሩ ሞዴሉ እንበለው።

ሥራውን አፋጥኖልናል። ሆኖም መዝገቡ ላይ የሌለ ስምና የሌለ ገንዘብ ጽፎ አገኘነው። የእያንዳንዳችን ድርሻ የሚሰላው ከዚህ መዝገብ ስለሆነ፣ ነገሩን በአንድ ገጽ እናሳያችሁ። የአባላቱን ስም ለዚህ ንግግር ቀይረነዋል።

ገጹ የአንድ ወር መዋጮ ነው፤ አሥራ ሁለት መስመር አለው። ዘጠኙ አባላት 100 ብር፣ አንዷ 150፣ አንዷ 50፣ አንዷ ደግሞ 70 ብር ከፍለዋል። ከታች የጊዜው ገንዘብ ያዥ ድምሩን 1,170 ብላ ጽፋለች። የሞዴሉ ግልባጭ በጣም ንጹሕ ነበር፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም፣ አንድም ፊደል አልተዛባም። መጠኖቹን በካልኩሌተር ስንደምራቸው ግን 1,200 መጡ። 30 ብር በለጠ።

ስንፈልግ ልዩነቱን ያገኘነው ውኃ በነካው መስመር ላይ ነው። የ70 ብሯ ቁጥር ደብዝዛለች፤ ሞዴሉ 100 ብሎ ጽፏታል። ፎቶውን አጉልተን ስናይ የ7 ቁጥር አግዳሚ መስመር ትታያለች። ለማረጋገጥ የተከታዩን ወር ገጽ ገለጥን፤ ያቺው አባል 130 ብር ከፍላ፣ በምርመራው ዓምድ ላይ «ያለፈውን ጨምራ» ተብሎ ተጽፎላታል። 70 እና 130 የሁለት ወር ሙሉ መዋጮ ናቸው። ስለዚህ ትክክለኛው 70 ነው።

ታዲያ ሞዴሉ 100ን ከየት አመጣው? የድሮዎቹ ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራሞች በዋናነት የፊደሉን ቅርጽ እያዩ ነበር የሚሠሩት። ሲሳሳቱ የተዛባ ነገር፣ ትርጉም የሌለው የፊደል ክምችት ያወጣሉ፤ ስህተቱ ወዲያው ዓይን ውስጥ ይገባል። የአሁኑ ሞዴል አሠራሩ ሌላ ነው። ፎቶውን ወደ ትናንሽ ካሬዎች ይቆራርጥና እያንዳንዱን ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ከዚያ ጽሑፉን ከመጀመሪያ ወደ መጨረሻ ቁራጭ በቁራጭ ይጽፋል። ቀጥሎ የሚመጣውን ሲመርጥ ሁለት ነገር ይመዝናል፤ አንዱ ፎቶው የሚያሳየው ነው፤ ሌላው ከዚህ በፊት ከተማረውና እስካሁን ከጻፈው ተነሥቶ ሊመጣ ይችላል የሚለው ነው። ፎቶው ጥርት ያለ ሲሆን የፎቶው ክብደት ያሸንፋል። ሲደበዝዝ ግን ልማዱ ያሸንፋል። ከላይ ስምንት ጊዜ 100 ከጻፈ፣ ዘጠነኛውንም 100 ማለት ይቀለዋል። ትልቅ ፎቶ ስንሰጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ አሳንሶ ስለሚያየው፣ ለእኛ ዓይን የሚታየው ጭረት ለእርሱ ላይታየው ይችላል።

የባሰው ስህተት ግን በድምር የማይያዘው ነው። በዚያው ገጽ ሰባተኛው መስመር ላይ መዝገቡ «ወ/ሮ እልፍነሽ» ይላል። ሞዴሉ «ወ/ሮ አልማዝ» ብሎ ጽፎታል። «እል» እና «አል» በእጅ ጽሑፍ ሲቀራረቡ ታውቃላችሁ። ከዚያ በኋላ ያሉት ፊደሎች ስለደበዘዙ ሞዴሉ የበለጠ የተለመደውን ስም ሞላው። ገንዘቡ 100 ብር እንደሆነ ስለቀረ ድምሩ አይዛባም። እንዲያው ቢያልፈን ኖሮ ግን ወ/ሮ አልማዝ በአንድ ወር ሁለት ጊዜ የከፈለች፣ ወ/ሮ እልፍነሽ ደግሞ ያልከፈለች ሆና ትቀር ነበር። ያወቅነው አንድ ስም በአንድ ገጽ ሁለት ጊዜ በመምጣቱ ነው።

ስለዚህ አራት ነገር ልማድ አድርገናል።

መጀመሪያ፣ አንድ ሙሉ ገጽ አንሰጠውም። በቀን ብርሃን፣ ጥላ ሳይኖር ፎቶ እናነሳና ሦስት አራት መስመር ብቻ ቆርጠን እንሰጠዋለን። ፊደሉ ጎልቶ ሲታየው ለግምት የሚተርፈው ያንሳል።

ሁለተኛ፣ የምንሰጠው ትእዛዝ እንዲህ ይላል፦ «የሚታየውን ብቻ መስመር በመስመር ገልብጥ። የፊደል ስህተት ቢኖር አታርም። የማይነበበውን በግምት አትሙላ፤ [አይነበብም] ብለህ ጻፍ። አትደምር።» ይህ ይረዳል፤ ግን ዋስትና አይሆንም። ሞዴሉ ገምቶ የጻፈውንም አይቶ የጻፈውንም በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ስለሚያቀርበው፣ [አይነበብም] ማለት ሲገባው ሞልቶ የሚያልፍበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛ፣ ያንኑ መስመር በሌላ ፎቶ፣ በሌላ አቆራረጥ ደግመን እናስገለብጠዋለን። ሁለቱ ግልባጮች የተለያዩበት ቦታ ሞዴሉ የገመተበት ስለሆነ፣ መጀመሪያ መዝገቡን የምናየው እዚያ ላይ ነው። የ70 ብሯ መስመር በሁለተኛው ፎቶ 10 ሆና መጣች። ነገር ግን ሁለቱ መስማማታቸው እውነት ነው ማለት አይደለም፤ አንዱን ስህተት ሁለት ጊዜ ሊደግመው ይችላል።

አራተኛ፣ ማረጋገጫው ከሞዴሉ ውጭ መሆን አለበት። የገጹን ድምር ራሳችን ከወረቀቱ ላይ አንብበን፣ መጠኖቹን ራሳችን እንደምራለን። መስመሮቹን እንቆጥራለን፤ አሥራ ሁለት ከነበሩ አሥራ ሁለት መሆን አለባቸው። ስሞቹን ከአባላት ዝርዝር ጋር እናመሳክራለን፤ ሁለት ጊዜ የመጣ ወይም የጠፋ ስም ካለ ወደ ወረቀቱ እንመለሳለን። እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠርተን ነበር። ይረዳዋል ብለን የአባላቱን ዝርዝር አስቀድመን ለሞዴሉ ሰጠነው። ያን ጊዜ የደበዘዘውን ስም ሁሉ ከዝርዝሩ በአንዱ ይሞላው ጀመር፤ በዝርዝሩ የሌለች፣ ቀድማ የለቀቀች አባልን ስም እንኳ በሌላ ተካው። ዝርዝሩን ቀድሞ ካየው ማመሳከሪያነቱ ይቀራል። ስለዚህ አሁን ዝርዝሩ በእኛ እጅ ብቻ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ድምሩም ዝርዝሩም የማይደርሱበት ዓምድ አለ፤ የምርመራው ዓምድ ነው። በአንድ ቦታ «በልጇ እጅ» የሚለው «በባንክ» ሆኖ መጥቷል። እንዲህ ያለውን የሚይዘው የሰው ዓይን ብቻ ነው። ስለዚህ ያንን ዓምድ አንዳችን ከወረቀቱ ጮክ ብለን እናነባለን፣ ሌላችን ግልባጩን እንከተላለን። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌም ያነበበችውና ያመሳከረችው ይፈርማሉ።

ዋናው መዝገብ አይጣልም፤ የየገጹ ፎቶም ከግልባጩ ጋር ይቀመጣል። በሚቀጥሉት ሳምንታት እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን ሂሳብ እንድታዩ እንጠራችኋለን። ስትመጡ የቀሩላችሁን ደረሰኞች ይዛችሁ ኑ፤ [አይነበብም] ብለን የተውናቸው ቦታዎች አሉ፣ እነርሱን የሚሞላልን የእናንተ ደረሰኝ ነው።