ጥሩ መሐንዲስ የሚመጣው ማንን ጠይቆ ነው?



ከዎርድ ወጥቼ የሕክምና መሣሪያ አስመጥቶ የሚተክልና የሚጠግን ድርጅት ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 6 ዓመቴ ነው። 70 ያህል ሠራተኞች አሉን፤ ከነሱም 12ቱ የባዮሜዲካል መሐንዲሶች ናቸው። ስለ «ኢምፕሎየር ብራንዲንግ» ተናገሪ ስባል እሺ ያልኩት፣ ክሊኒክም ድርጅትም የከፈታችሁት «ጥሩ ባለሙያ አይበረክትልንም» ስትሉ ስለምሰማ ነው።

ነገሩ በአማርኛ ቀጣሪ በባለሙያዎች ዘንድ ያለው ስም ማለት ነው። ይህ ስም በባነርና በቲሸርት አይመጣም። ከጅማ ወይም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ልጅ ማስታወቂያችንን ሲያይ መጀመሪያ የሚያደርገው እኛ ጋ ለሚሠራ ጓደኛው መደወል ነው። «እዚያ እንዴት ነው?» ይለዋል። የጓደኛው መልስ ነው ማስታወቂያችን።

ስለዚህ የጀመርነው ከለቀቁት ነው። በ3 ዓመት ውስጥ 7 መሐንዲሶች ሄደውብን ነበር። በየስማቸው ትይዩ መቼ እንደተቀጠሩና መቼ እንደለቀቁ ስንጽፍ፣ 5ቱ የወጡት ከ10ኛው እስከ 16ኛው ወር ባለው ጊዜ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ያኔ «የ1 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል ማስታወቂያ ሁሉ ይከፈትላቸዋል። ጥያቄው በዚያ ሰዓት የሚያስቀራቸው ነገር ለምን አጡ የሚለው ነው።

ይህንን በመጨረሻው የሥራ ቀን ብትጠይቁ እውነቱን አታገኙም። ክሊራንሱ አላለቀም፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው አልተፈረመም፤ «ለተሻለ ዕድል ነው» ብሎ አመስግኖ ይወጣል። እኛ ከለቀቁ ከ3 ወር በኋላ፣ አለቃቸው ያልነበረ ሰው ቡና ጋብዞ እንዲያነጋግራቸው አደረግን። ሁለት ነገር ተደጋገመ። አንደኛው፣ ዓመት ሙሉ የሲኒየሩን ቦርሳ ይዘው ከመዞር በቀር አንድ ማሽን ለብቻቸው አልከፈቱም። ሁለተኛው የሌሊት ስልክ ነው። የኩላሊት እጥበት ማሽን ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ሲቆም የሚደወለው ለአዲሱ ልጅ ነው፤ ክፍያ የለውም፣ በማግስቱም 2 ሰዓት ላይ መፈረም አለበት።

ስለዚህ ከማስታወቂያው በፊት ሥራውን አስተካከልን። ተረኝነት በ4 ሳምንት አንዴ እንዲደርስ ተደልድሎ ተለጠፈ፤ ሌሊት የወጣ ሰው ጠዋት ያርፋል። ክፍያውማ ስጦታ አይደለም፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በመደበኛው የሰዓት ክፍያ 1.75 ተባዝቶ ይከፈላል። ቀጥሎ በስንተኛው ወር የትኛውን ማሽን ለብቻቸው ጠግነው እንደሚፈርሙ ጻፍን፤ በ3ኛው ወር ሞኒተርና ኢሲጂ፣ በ9ኛው ኦቶክሌቭና የማደንዘዣ ማሽን፣ በ18ኛው የኩላሊት እጥበት ማሽን። ለእያንዳንዱ ሲኒየሩ ፈትኖ ይፈርማል።

ማስታወቂያውን የነካነው ከዚህ በኋላ ነው። «ማራኪ ደመወዝ» እና «በስምምነት» የሚሉትን አውጥተን ደመወዙን በቁጥር አስቀመጥን። «የውጭ አገር ሥልጠና» የሚለውን «ከ2 ዓመት በኋላ፣ ፋብሪካው ቦታ ከሰጠን» አልነው፤ ቦታውን የሚወስነው እኮ ፋብሪካው ነው። በወር 1 ሳምንት ክልል እንደሚወጣም ጻፍን። አመልካች ቀነሰ፤ የመጡት ግን የሚገቡበትን አውቀው መጡ። በዚያ ዙር ከቀጠርናቸው 4 ልጆች 3ቱ ከ2 ዓመት በኋላም አሉ። አንዱ ጀርመን ሄደ፤ ሲሄድ ግን ጓደኛውን ወደ እኛ ላከልን። እኔ አሁን የምቆጥረው ይህንን ነው፤ ከአመልካቾች ስንቱ በራሳችን መሐንዲሶች ተልኮ መጣ? ይህ ቁጥር ሲወርድ መልቀቂያ ደብዳቤው ሳይመጣ ችግር እንዳለ እናውቃለን።

የማይፈታም አለ። በዶላር የሚከፍል ድርጅት ሲመጣ አንወዳደረውም። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ መለዋወጫ ሲዘገይ፣ የተቆጣ ሆስፒታል ፊት ባዶ እጁን የሚቆመው መሐንዲሱ ነው፤ ይህ ከደመወዝ በላይ ያስመርራል። እዚያ ላይ የምንችለው የዘገየበትን ምክንያት የያዘ ደብዳቤ በኃላፊ ፊርማ ቀድሞ እንዲደርስ ማድረግ ነው፤ ስድቡ ለልጁ እንዳይተርፍ። የሥልጠና ግዴታ ውልም ሰውየውን ያቆይ ይሆናል እንጂ አፉን አይይዝም። ውሉ እስኪያልቅ ቀን እየቆጠረ የሚቀመጥ መሐንዲስ፣ ያ ስልክ ሲደወልለት ምን እንደሚል መገመት አያቅትም።