ከልመናም ከጉራም የራቀ፦ የሥራ ማመልከቻ መግቢያ እንዴት ይጻፍ?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እኛ በማኅበሩ የሒሳብ ክፍል የምንሠራ ሦስት ሴቶች፣ ሥራ የሚፈልጉ እህቶቻችን ማመልከቻ ሲጽፉ አብረን ተቀምጠን እናነባለን። ዛሬ የምናወራው ስለ ደብዳቤው መግቢያ፣ ማለትም «ጉዳዩ» ከሚለው ቀጥለው ስለሚመጡት አራትና አምስት መስመሮች ብቻ ነው። ነገሩን የምናስረዳው በአንዲት እህታችን ደብዳቤ ሲሆን፣ እንድናወራው ፈቅዳልናለች።

ይህች እህታችን በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አላት። በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሦስት ዓመት ሠርታለች። አንድ የግል ድርጅት ረዳት ሒሳብ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ ስታይ ማመልከቻ ጽፋ አመጣችልን። እንዲህ ይጀምራል፦

«እኔ አመልካች ባለቤቴን በሞት በማጣቴ ሁለት ልጆቼን ብቻዬን የማሳድግና የቤት ኪራይ መክፈል ያቃተኝ ችግረኛ ስለሆንኩ፣ የተከበረው ድርጅታችሁ ችግሬን ተመልክቶ ማንኛውንም ሥራ እንዲሰጠኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።»

ከዚህ ውስጥ አንድም ውሸት የለም። እንዲህ የጻፈችበት ምክንያትም ይገባናል። እኛ ማመልከቻ የምናውቀው ለቀበሌና ለፍርድ ቤት ስናስገባ ነው። እዚያ ችግርን ማስረዳት ተገቢ ነው፤ ራፖር ጸሐፊውም የሚያሳምረው ችግሩን ነው። የሥራ ማመልከቻም ስሙ «ማመልከቻ» ስለሆነ በዚያው ቋንቋ እንጽፈዋለን። ቀጣሪው ግን ደብዳቤውን የሚያነበው ማስታወቂያውን አጠገቡ አስቀምጦ ነው። የሚፈልገው ዲፕሎማውን፣ የሥራ ልምዱንና ሥራውን ነው፤ በእህታችን መግቢያ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። «ማንኛውንም ሥራ» የሚለው ደግሞ ለየትኛው መደብ እንዳመለከተች እንኳ አይነግረውም። ሌላም አለ፤ መራራ ቢሆንም እንናገረው። ገንዘብ ለምትይዝ ሠራተኛ በተዘጋጀ ቦታ የመጀመሪያው ወሬ ኪራይ መክፈል አለመቻል ከሆነ፣ አንባቢው ከማዘኑ በፊት ሊሰጋ ይችላል።

ይህንን ነገርናት። በሳምንቱ ሌላ ይዛ መጣች፦

«በሒሳብ ሥራ ከፍተኛ ብቃት ያለኝ፣ እጅግ ታታሪ፣ ታማኝና ፈጣን ባለሙያ ስሆን፣ ማንኛውንም የሒሳብ ሶፍትዌር በብቃት ስለምሠራ፣ ድርጅታችሁ እኔን ቢቀጥር ትርፋማ እንደሚሆን አልጠራጠርም።»

ከጎረቤት ልጅ ሲቪ ላይ የገለበጠችው ነው። ስናነበው እሷ ራሷ አንገቷን ደፋች። ታማኝነትን ሌላ ሰው ይመሰክራል እንጂ ባለቤቱ አይናገረውም። የማታውቀው ድርጅት ትርፋማ ይሁን አይሁን ልታውቅ አትችልም። «ማንኛውንም ሶፍትዌር» የሚለው ደግሞ በቃለ መጠይቅ ላይ በአንድ ጥያቄ ይፈርሳል። ያ ሲፈርስ እውነት የሆነው ሁሉ አብሮ ይጠረጠራል።

ልብ በሉ፤ ሁለቱ መግቢያዎች ተቃራኒ ቢመስሉም ጉድለታቸው አንድ ነው። በሁለቱም ውስጥ የሠራችው ሥራ አልተጻፈም።

ስለዚህ ወረቀቱን አስቀምጠን ማውራት ጀመርን። «ማታ መደብሩ ሲዘጋ ምን ትሠሪያለሽ?» አልናት።

«ገንዘቡን እቆጥራለሁ። ከደረሰኙ ጋር አመሳክራለሁ። ካልገጠመ አልወጣም።»

«ሳይገጥም ቀርቶ ያውቃል?»

«አንዴ 400 ብር ጎደለ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጠዋት ሳየው አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ መዝግቤ ኖሯል።»

«በወር መጨረሻስ?»

«የባንኩን መግለጫ ከመዝገባችን ጋር አስታርቃለሁ። የስድስት ሠራተኞች ደመወዝም የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ይሄ ምን ይጻፋል ብላችሁ ነው?»

የሚጻፈው እሱ ነበር። ከዚያ ወሬ ላይ ሦስተኛውን መግቢያ አብረን ጻፍን፦

«በሚያዝያ 2 ባወጣችሁት ማስታወቂያ መሠረት ለረዳት ሒሳብ ሠራተኛ የሥራ መደብ ለመወዳደር አመልክቻለሁ። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አለኝ። ላለፉት ሦስት ዓመታት በአንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የዕለት ሽያጭ መዝግቤአለሁ፣ በየምሽቱ ጥሬ ገንዘቡን ከደረሰኞች ጋር አመሳክሬአለሁ፣ በየወሩ የባንክ ሒሳብ አስታርቄአለሁ፣ የስድስት ሠራተኞችን የደመወዝ መክፈያም አዘጋጅቻለሁ። ፒችትሪን በሥልጠና ተምሬአለሁ፤ በሥራ ላይ ግን ገና አልተጠቀምኩበትም። የሥራ ልምድ ማስረጃዬን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።»

እንዴት እንደተሠራ እንመልከተው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር መደቡንና ማስታወቂያውን ይጠራል፤ አንባቢው ደብዳቤውን የት እንደሚያስቀምጠው ያውቃል። ቀጥሎ ማስታወቂያው የጠየቀው ዲፕሎማና ልምድ በራሱ ቅደም ተከተል ይመጣል። «ታታሪ»፣ «ብቁ» የሚሉት ቃላት ወጥተው በምትካቸው «መዝግቤአለሁ»፣ «አስታርቄአለሁ» የሚሉ ግሦች ገብተዋል። «በየምሽቱ» የሚለው ቃል ታታሪነቷን ስሙን ሳይጠራ ይናገራል።

በፒችትሪው ላይ እኛም ተከራክረናል። አንዳችን «ይውጣ፤ በገዛ እጇ ራሷን ማስጣል ነው» አለች። ማስታወቂያው የሚለው ግን «የፒችትሪ እውቀት ያላት» ነው። እውቀቱ አላት፤ የሌላት የሥራ ልምዱ ነው። ልክ በዚያው መጠን ጻፍነው፤ ቦታውም ከሠራችው ሥራ በኋላ ሆነ። ትሕትና ማለት «ትንሽ እችላለሁ ብዬ አስባለሁ» እያሉ የሚያውቁትን ማሳነስ አይደለም። የሚያውቁት የት ላይ እንደሚያበቃ በግልጽ መናገር ነው።

መመዘኛችን ከሙያችን የመጣ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ያለ ደረሰኝ ወጪ አትመዘግብም። በመግቢያው ላይ ያለውን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር «ማስረጃሽ የት አለ ብባል ምን አሳያለሁ?» ብለን እንጠይቀዋለን። ወረቀት ወይም የምንተርከው እውነተኛ ሥራ ካለው ይቆያል፤ ከሌለው ይሰረዛል።

ከዚያ እህታችን ቀስ ብላ «ልጆቼንስ አንጠቅሳቸውም?» አለችን። ዝም አልን። በኋላ አንዳችን «እነሱ የምትሠሪበት ምክንያት ናቸው፤ ሥራውን የምትችይበት ማስረጃ ግን አይደሉም» አለቻት። ችግሯን የምትናገርበት ቦታ አላት፤ እዚህ እኛ ዘንድ። ደብዳቤው ላይ ግን አልገባም።

ይህ መግቢያ የማይችለውንም እንናገር። ማስታወቂያው ዲግሪ ከጠየቀ ዲፕሎማን ዲግሪ አያደርገውም። የሥራ ልምድ ማስረጃ የሌለውን ልምድም አያስቆጥርም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከግል ድርጅት ለሚመጣ ልምድ የሥራ ግብር የተከፈለበት ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ስለዚህ ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ወደ ቀድሞ አሠሪ ሄዶ ወረቀቱን ማስጻፍ ይቀድማል። እህታችን ለዚህ ወረቀት ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች።

ለፈተና ተጠራች። በቃለ መጠይቁ ላይ መጀመሪያ የተጠየቀችው ጥሬ ገንዘብ ሲጎድል ምን እንደምታደርግ ነበር፤ የ400 ብሩን ታሪክ ነገረቻቸው። ሁለተኛ ወጥታ በተጠባባቂነት ተያዘች፤ እስካሁን አልተጠራችም። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ድርጅት አመልክታለች። ማስታወቂያው ገንዘብ ያዥ ስለሚል የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ቀየረች፤ የጥሬ ገንዘቡን ሥራ ወደ ፊት አመጣች፤ ፒችትሪ ስላልተጠየቀ አወጣችው። ይህን ያደረገችው ብቻዋን ነው። እኛ ያየነው ካስገባችው በኋላ ነው፤ የምናርመውም አላገኘንበትም።

ደብዳቤ ያላችሁ እህቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሒሳብ ክፍል ብቅ በሉ። ስትመጡ ማስታወቂያውንም ይዛችሁ ኑ፤ ያለ እሱ መጀመር አንችልም።